ኮምፒውተሩ ያወጣውን ሪፖርት ከማመናችሁ በፊት ስምንት ካርድ በእጃችሁ ደምሩ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለ አንድ የወተት ማኅበር ውስጥ መዝገብ በመያዝ አግዛለሁ፣ የማኅበሩ ስም ይቅር። አሠራራችን እንደማንኛውም ወተት መሰብሰቢያ ነው፣ አባላት ጠዋትና ማታ ወተታቸውን በጀሪካን ይዘው ይመጣሉ፣ ተረካቢው ውሃ እንዳልገባበት በላክቶሜትር ያየዋል፣ ሊትሩን ይለካል፣ ከዛ አንዴ በማኅበሩ መዝገብ ላይ አንዴ ደግሞ አባሉ ቤቱ በሚይዘው ካርድ ላይ ይጽፋል። በየ15 ቀኑ ተደምሮ ክፍያ ይከፈላል። ድሮ ያንን ድምር ሁለት ሰው ካልኩሌተር ይዞ ሦስት ቀን ይቀመጥበት ነበር፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ ግን የአንድ አባል ልጅ በኤክሴል ሪፖርት ሠራልን፣ መዝገቡ ኤክሴል ላይ ይገባል፣ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ይነገረዋል፣ የ118 አባል ሊትርና ብር በአንዴ ይወጣል። ልጁ ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው፣ ይሄን አስቀድሜ ልበል።

እዚህ ላይ ማስረዳት የምፈልገው እንደዚህ አይነት ሪፖርት የሰው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በእጅ ከተሰላ ናሙና ጋር እንዴት እንደሚመሳከር ነው። የመረጥኩትም ምክንያት አለኝ፣ መጀመሪያ ስናመሳክር ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ተገኘ፣ በሚቀጥለው ወር ግን ያው ሪፖርት፣ አንድም ነገር ሳይነካ፣ ተሳሳተ። እና ስህተቱ ጠቅላላ ድምሩ ላይ በጭራሽ የማይታይ ነበር።

መጀመሪያ በእጅ ማስላት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንግባባ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ኤክሴሉን ከፍቶ የአንድን አባል ረድፎች ፊልተር አድርጎ ታች ያለውን ድምር ማየት በእጅ ማስላት አይደለም። ያ ኮምፒውተሩን ራሱን በራሱ መጠየቅ ነው፣ መረጃው ሲገባ የተዛባ ነገር ካለ ሁለቱም ጋ ተዛብቶ እኩል ይመጣል፣ እናንተም ልክ ነው ብላችሁ ትሄዳላችሁ። በእጅ ማስላት ማለት ከወረቀቱ መነሳት ነው፣ እኛ ጋ ከካርዱ። ካርዱ ላይ ተረካቢው በእስክሪብቶ የጻፈውን ጠዋት ማታ ጠዋት ማታ እያሉ 30 ቁጥር መደመር፣ በሊትር ዋጋው ማባዛት፣ የተመለሰ ወተት ካለ መተው፣ አባሉ ፉርሽካ በዱቤ ወስዶ ከሆነ መቀነስ፣ ከዛ የሚደርሰውን ብር ወረቀት ላይ መጻፍ። ሌላው ነገር ደግሞ የሚደምረው ሰው ሪፖርቱን ያላየ መሆን አለበት። ሪፖርቱ 4,500 ብር እንደሚል ያወቀ ሰው 4,450 ሲመጣበት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብሎ እስኪገጥምለት ድረስ ደግሞ ይደምራል፣ 4,500 ሲመጣለት ግን አይደግምም። ይሄ ሌብነት አይደለም፣ የሰው ጠባይ ነው። ስለዚህ ከኛ አንዳችን ካርዱን ደምረን በወረቀት እንጽፋለን፣ ቀኑንና ፊርማችንን እናደርጋለን፣ ከዛ በኋላ ነው ሪፖርቱ የሚከፈተው።

ቀጥሎ ጥያቄው የማንን ካርድ እንውሰድ ነው። ዝም ብሎ ከላይ ያሉትን ስምንት ካርዶች ማንሳት ይቀላል ግን ብዙ አይጠቅምም። አንድ ነገር አስቡ፣ ሰው ሲደምር ስህተቱ የትም ሊወድቅ ይችላል፣ ይደክመዋል፣ ስልክ ይደወልለታል፣ አንድ መስመር ይዘላል። ፎርሙላ ግን አይደክመውም፣ ሲሳሳት በአይነት ነው የሚሳሳተው፣ ማለትም የተመለሰ ወተትን በትክክል የማይቀንስ ከሆነ ወተት የተመለሰባቸውን ሁሉ ላይ ይሳሳታል፣ ሌሎቹን ግን አንዳቸውንም አይነካም። ስለዚህ ናሙናው ከእያንዳንዱ አይነት አንድ እንዲኖረው ተደርጎ ነው የሚመረጠው። እኛ በብዛት የሚያመጣ አንድ፣ ትንሽ የሚያመጣ አንድ፣ ማታ ማታ ብቻ የሚያመጣ አንድ፣ በአልኮል ምርመራ ወተቱ የተመለሰበት አንድ፣ መኖ በዱቤ የወሰደ አንድ፣ በመሃል ያቋረጠ አንድ፣ ከቀኖቹ ሁሉ አንድም ያላጎደለ አንድ መረጥን፣ ስምንተኛው ደግሞ ስሙ በሁለት አይነት ፊደል የሚጻፍ ሰው ነው። ይሄ የመጨረሻው ለኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የተለየ ነው፣ አንዱ ፀሐይ ብሎ ያስገባውን ሌላው ጸሀይ ብሎ ያስገባዋል፣ ለኛ አንድ ሴት ናት፣ ለኤክሴል ግን ሁለት ሰው ናቸው። የኛ ሪፖርት የሚደምረው በአባል ቁጥር እንጂ በስም ስላልሆነ ከዚህ ተርፏል፣ ግን ይሄንንም ያወቅነው ካርዷን ደምረን ስላየን ነው።

ስምንት ካርድ በ30 ቁጥር 240 ቁጥር ይሆናል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ እያነበበ አንዱ እየደመረ ከአንድ ከሰዓት አያልፍም።

የመስከረም ሁለተኛ አጋማሽ፣ ማለትም ከ16 እስከ 30፣ የመጀመሪያው ፈተና ነበር። ስምንቱም ካርድ በሊትርም በብርም ገጠመ። ደስ አለን፣ ቦርዱም ተሰብስቦ ከዚህ በኋላ በሪፖርቱ ይከፈል ብሎ ወሰነ፣ ካልኩሌተሩም መሳቢያ ገባ። የጥቅምት የመጀመሪያው 15 ቀንም ሳይመሳከር ተከፈለ፣ በኋላ ስናየው ልክ ነበር።

የጥቅምት 16 እስከ 30 ሪፖርት የወጣው ኅዳር 5 ነው፣ ክፍያው በማግስቱ ሊሆን። በዛን ቀን ያየነው ጠቅላላ ድምር ብቻ ነበር። ተረካቢው በየቀኑ ማታ የቀኑን ጠቅላላ ሊትር የሚጽፍበት ሌላ ደብተር አለው፣ ከዛ ላይ የ15 ቀኑ ድምር 15,300 ሊትር ነው የሚለው፣ ሪፖርቱ ደግሞ 15,286 አለ። 14 ሊትር ልዩነት ከ15 ሺህ ላይ ከሺህ አንድ እንኳን አይሞላም። ሰብሳቢያችን ጋሼ ቁጥሩን አይቶ «ይሄማ ስንለካ የሚንጠባጠበው ነው፣ ይለፍ» አለ። እውነት ለመናገር እኔም ያን ጊዜ ተቀብዬው ነበር።

ያስቆመን የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። የአባል ቁጥራቸው 47 ነው፣ ያለቻቸው አንድ ላም ናት፣ ልትወልድ ሁለት ወር ገደማ ሲቀራት ጥቅምት መጨረሻ ላይ አነጠፏት፣ ስለዚህ ከኅዳር 1 ጀምሮ አላመጡም። መሰብሰቢያው በር ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ላሜ ነጥፋለች፣ አሁን የቀረኝ የጥቅምቷ ሒሳብ ብቻ ናት፣ ስንት ነች?» አሉኝ። ሪፖርቱን አይቼ 3,900 ብር ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም ግን ቤታቸው በየቀኑ ስድስት ሊትር እንደሚወጣና ሊትሩ 50 ብር እንደሆነ ያውቃሉ፣ አስራ አምስት ቀን ስንት እንደሚሆን በጣታቸው ቆጥረው መጥተዋል። «እትዬ፣ ካርድዎትን አንዴ ይስጡኝ» ብዬ ወሰድኩት። ጠዋት 3 ከግማሽ፣ ማታ 2 ከግማሽ፣ ከ16 እስከ 30 አንድም ቀን ሳይጎድል ተጽፏል። 6 ሲባዛ በ15፣ 90 ሊትር፣ 4,500 ብር። ሪፖርቱ 78 ሊትር ነው ያለው። 12 ሊትር ጎድሏል፣ 600 ብር፣ ልክ የሁለት ቀን ወተት።

ያን ማታ እንደገና ስምንት ካርድ አስመጣን። የሚገርመው ብዙዎቹ ገጠሙ። አንድም ቀን የማያጎድሉት አባል ቁጥር 12 በቀን 10 ሊትር ነው የሚያመጡት፣ ካርዳቸው 150 ይላል፣ ሪፖርቱም 150። ይሄን ስናይ የእትዬ ነገር የመዝጋቢ ስህተት ይሆናል፣ ሁለት ቀን ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል አልን፣ ኤክሴሉን ስናይ ግን 29ኛውም 30ኛውም ቀን ገብተዋል፣ ሊትሩም በትክክል አለ። መረጃው አለ፣ ድምሩ ውስጥ ግን የለም።

እዚህ ጋ ነው የማመሳከሩ አቅጣጫ መገልበጥ ያለበት። እስከዛ ድረስ ከወረቀት ወደ ሪፖርት ነበር ስንሄድ የነበረው፣ ማለትም ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ሪፖርቱ ላይ አለ ወይ ብለን። ይሄ የጎደለን ያወጣል፣ የተጨመረን ግን አያወጣም፣ ምክንያቱም ያለቦታው የገባ ነገር እናንተ በያዛችሁት ካርድ ላይ የለም። ስለዚህ ከሪፖርቱ ላይ ጥቂት ረድፎች ይዛችሁ ወደ ወረቀቱ መመለስ አለባችሁ፣ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ፣ የትኛው ካርድ ላይ የትኛው ቀን ላይ ተጽፏል ብላችሁ። የሪፖርቱን የመጨረሻ ረድፍ ያዝን፣ አባል ቁጥር 119፣ 16 ሊትር፣ 800 ብር። አባል 119 ደግሞ ማኅበሩ ውስጥ የገባው ኅዳር 1 ቀን ነው! የጥቅምት ክፍያ ላይ ምን ይሠራል? ካርዱን ስናየው ኅዳር 1 ስምንት ሊትር፣ ኅዳር 2 ስምንት ሊትር። ያኔ ገባን፣ ሪፖርቱ የጥቅምትን የመጨረሻ ሁለት ቀናት ጥሎ በምትካቸው የኅዳርን የመጀመሪያ ሁለት ቀናት አስገብቷል።

እንዴት እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ፣ ምክንያቱም በኛ ዘመን አቆጣጠር ኤክሴል ላይ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሊያጋጥመው የሚችል ነው። እኛ ቀኑን እንደለመድነው 28/02/2017 ብለን ነው የምናስገባው፣ ጥቅምት 28 ማለታችን ነው። ኤክሴል ግን ጥቅምት የሚባል አያውቅም፣ ሁለተኛ ወር ሲባል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪን ነው፣ እና ፌብሩዋሪ 28, 2017 ብሎ ይቀበለዋል። 29/02/2017 ስትሉት ግን የፈረንጆቹ 2017 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስላላት እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል፣ ስህተት ብሎ ግን አይጮህም፣ የጻፋችሁትን እንደ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል። 30/02/2017ም እንደዛው። ስክሪን ላይ ስታዩት ቀን ይመስላል፣ ውስጡ ግን ቀን አይደለም። የሪፖርቱ ፎርሙላ ደግሞ እንዲህ ነበር፣ A ቀኑ፣ B የአባል ቁጥሩ፣ C ሊትሩ፣ H2 ደግሞ የሚደመርለት አባል ቁጥር ነው፦

```
=SUMIFS(C:C,B:B,H2,A:A,">="&DATE(2017,2,16),A:A,"<="&DATE(2017,2,30))
```

ይሄ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ደምር ነው የሚለው። ጽሑፍ ሆነው የቀሩት 29 እና 30 ቀን ስላልሆኑ በመካከል ናቸው ሊባሉ አይችሉም፣ ይወድቃሉ። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይባስ ያለው ነው፣ DATE የሚባለው ትእዛዝ የሌለ ቀን ሲሰጡት አይከለክልም፣ የተረፈውን ወደ ሚቀጥለው ወር ያሻግራል። ፌብሩዋሪ 28 ላይ ካለቀች 30 ማለት ከዛ ሁለት ቀን አልፎ ነው፣ ማርች 2። ሦስተኛው ወር ደግሞ ለኛ ኅዳር ነው። ስለዚህ ፎርሙላው እስከ ኅዳር 2 ድረስ ደመረ።

አሁን ጠቅላላው ለምን እንዳልጮኸ ይታያችኋል። ሁለት ቀን ወጣ፣ ሁለት ቀን ገባ፣ አስራ አምስት ቀን አስራ አምስት ሆኖ ቀረ። በተረካቢው ደብተር ጥቅምት 29 እና 30 አንድ ላይ 2,042 ሊትር ናቸው፣ ኅዳር 1 እና 2 ደግሞ 2,028፣ ልዩነቱ 14 ሊትር፣ ያው ይንጠባጠባል ያልነው። አባል ቁጥር 12 ለምን እንደገጠሙም ግልጽ ነው፣ በየቀኑ አስር ሊትር ለሚያመጣ ሰው የትኛውም ሁለት ቀን በየትኛውም ሁለት ቀን ቢለወጥ 150 ነው። ስህተቱ የሚታየው ወሩ ሲለወጥ ወተታቸው በተለወጠባቸው ሰዎች ላይ ብቻ ነው፣ ላሟ የነጠፈችበት፣ ላሟ የወለደችለት፣ አዲስ የገባ፣ ያቋረጠ። እነሱ ደግሞ በቁጥር ትንሽ ናቸው። ሪፖርቱ ኅዳር 1 ጠዋት፣ የኅዳር መረጃ ሳይገባ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ 2,042 ሊትር ይጎድል ነበር፣ ማንም ያየው ነበር። የዘገየንበት አራት ቀን ነው ስህተቱን የሸፈነልን።

በራሱ ይስተካከል ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። አይስተካከልም። የኅዳር 1 እስከ 15 ሪፖርት ሲወጣ ኅዳር 1 እና 2ን እንደገና ይደምራቸዋል፣ ለነሱ ሁለቴ ይከፈላል፣ ጥቅምት 29 እና 30 ደግሞ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ ሳይገቡ ለዘለዓለም ይቀራሉ።

መስከረም ላይ ስናመሳክር ያልያዝነው ደግሞ ናሙናው በሰው እንጂ በጊዜ ስላልተመረጠ ነው። መስከረም አንደኛ ወር ነው፣ ጃንዋሪ 31 ቀን ስላላት የኛ ሰላሳ ቀን ሁሉ እዛ ውስጥ ይገባል። ከዛ በኋላ ያሉትም ወራት ከሦስተኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ቢያንስ 30 ቀን ስላላቸው ምንም አይሉም። ችግሩ ያለው ጥቅምት ላይ ብቻ ነው፣ ጳጉሜም አለች፣ እሷን በኋላ እመጣባታለሁ። ጥቅምትም በየዓመቱ እኩል አይደለም፣ የፈረንጆቹ 2016 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለነበራት በኛ 2016 ይሄን ሪፖርት ተጠቅመን ቢሆን የሚወድቀው አንድ ቀን ብቻ፣ 30ኛው ብቻ ነበር። ስለዚህ አሁን ናሙና ስንመርጥ ካርድ ብቻ ሳይሆን ቀንም እንመርጣለን፣ የወቅቱን የመጀመሪያ ቀንና የመጨረሻ ቀን ለብቻቸው በእጅ ደምረን እናያለን። ፎርሙላ መሃል ላይ ብዙ አይሳሳትም፣ ጠርዝ ላይ ነው።

ቀኖቻችሁ እንደዚህ ጽሑፍ ሆነው ቀርተው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። አሰላለፉን ካልቀየራችሁት ኤክሴል እውነተኛ ቀንን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፣ ጽሑፍን ወደ ግራ፣ ኮለሙን ሰፋ አድርጋችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ወደ ግራ የተጠጉት ይታያሉ። በቁጥር ለማወቅ ደግሞ ይቺን ባዶ ሴል ላይ ጻፉ፦

```
=COUNTA(A2:A100000)-COUNT(A2:A100000)
```

የመጀመሪያው የተጻፈበትን ሁሉ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ቁጥርና ቀን የሆነውን ብቻ። መልሱ ዜሮ መሆን አለበት፣ የኛ ዜሮ አልነበረም፣ የሁለቱን ቀናት ረድፍ ሁሉ ቆጥሮ ነው ያመጣው።

ማስተካከያው የኛን ቀን ለኤክሴል ቀን ነው ብሎ አለመስጠት ነው። ልጁ ቀኑን በሦስት ኮለም ከፈለው፣ A ቀን፣ B ወር፣ C ዓመት፣ ሦስቱም ተራ ቁጥር ናቸው፣ D የአባል ቁጥር፣ E ሊትር። ፎርሙላው እንዲህ ሆነ፦

```
=SUMIFS(E:E,D:D,H2,C:C,2017,B:B,2,A:A,">=16",A:A,"<=30")
```

ዓመቱ 2017፣ ወሩ 2፣ ቀኑ ከ16 እስከ 30፣ አለቀ። ፌብሩዋሪ እዚህ ውስጥ ምንም ቦታ የላትም። ካስተካከልን በኋላ መጀመሪያ ያየነው አዲስ ካርድ አይደለም፣ እነዛኑ የከሸፉትን ነው፣ 47 ቁጥር 90 ሊትር ሆነ፣ 119 ቁጥር ከሪፖርቱ ጠፋ፣ ጠቅላላው 15,300 ሆኖ ከተረካቢው ደብተር ጋር በሊትር ሳይዛነፍ ገጠመ። ከዛ ቀደም ብለው የገጠሙትንም ደግመን ደመርን፣ ምክንያቱም አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ሊበላሽ ይችላል። ክፍያው አንድ ቀን ዘገየ፣ እትዬም 4,500 ብራቸውን ወሰዱ።

ስለ ልዩነት አንድ ነገር ልጨምር፣ የ14 ሊትሩ ነገር ብዙ ስላስተማረኝ። ልዩነት ሲገኝ ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው ስንት ነው ብለን ነው፣ ትንሽ ከሆነ እናልፋለን። አሁን እኔ የምጠይቀው ምክንያቱ ይታወቃል ወይ ብዬ ነው። ለምሳሌ የሊትር ዋጋው 52 ብር ከ75 ሳንቲም ቢሆን፣ 3 ከግማሽ ሊትር ሲባዛ 184 ብር ከ62 ከግማሽ ሳንቲም ይመጣል፣ አንዱ በየቀኑ ወደ ሙሉ ሳንቲም እያጠጋጋ ከደመረ ሌላው መጨረሻ ላይ አንዴ ካጠጋጋ በሳንቲም ይለያያሉ። ይሄ ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ ስንት ድረስ ሊሆን እንደሚችልም በእጅ ይሰላል፣ ይታለፋል። ሊትር ላይ ግን እኛ ጋ ማጠጋጋት የለም፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ያው ነው መደመር ያለበት፣ ስለዚህ ግማሽ ሊትርም ብትሆን ምክንያቷ እስኪገኝ ድረስ ክፍያ አይወጣም። ይሄን ገደብ ደግሞ ሪፖርቱን ከመክፈት በፊት ነው የምንጽፈው፣ ልዩነቱን ካዩ በኋላ የሚወጣ ገደብ ሁሌም ልዩነቱን የሚያሳልፍ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ስምንት ካርድ የማያሳየው ነገር መኖሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። የፎርሙላ ስህተት በአይነት ስለሚመጣ ከአይነቱ አንድ መያዝ ይበቃል አልኩ፣ የመዝጋቢ ስህተት ግን እንደዛ አይደለም። 4.5ን 45 ብሎ ማስገባት፣ የ74ን ወተት 47 ላይ መጻፍ፣ ይሄ የትም ሊወድቅ ይችላል፣ እና በአይነት የተመረጠ ናሙና አይይዘውም። ለዚህ የሚሆነው በዕጣ የወጣ ናሙና ነው፣ እሱም ቢሆን ገደብ አለው። የስታቲስቲክስ ሰዎች የሚጠቀሙባት ቀላል ስሌት አለች፣ በዕጣ የወጡ ካርዶች አይታችሁ አንድም ስህተት ካላገኛችሁ 3ን ባያችሁት ብዛት አካፍሉ፣ የተሳሳተው ድርሻ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ከዛ አይበልጥም። 30 ካርድ አይታችሁ ሁሉም ንጹሕ ከሆነ 3 ለ30፣ ማለትም አስር ከመቶ። ሠላሳ ካርድ ደምራችሁ እንኳን ከአስር አንዱ ካርድ ስህተት ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። ስሌቷ ከብዙ ሺህ ውስጥ ለወጣ ናሙና ነው የተሠራችው፣ ከ118 ላይ 30 ማየት ከዛ ትንሽ የተሻለ ነው፣ ግን ብዙ አይለውጠውም። ስለዚህ የመዝጋቢን ስህተት በካርድ ናሙና ለመያዝ አንሞክርም፣ በሌላ ነው የምንይዘው፣ የእያንዳንዱን ቀን የኤክሴል ድምር ከተረካቢው የማታ ደብተር ጋር በየቀኑ እናመሳክራለን። 15 ቀኑን አንድ ላይ አይደለም፣ ቀን በቀን። ጥቅምት ላይ ቀን በቀን አድርገን ቢሆን ኖሮ 29 እና 30 ዜሮ ሆነው ይታዩን ነበር። የ74ን 47 ላይ መጻፍ ግን የቀኑን ድምር አይለውጠውም፣ እሱን የሚይዘው ካርዱን ይዞ የሚመጣው አባል ነው፣ ለዛ ነው ከክፍያ በፊት የእያንዳንዱን ሊትር በር ላይ የምንለጥፈው።

ከዛ ወዲህ ሙሉውን ማመሳከር፣ ስምንቱን ካርድ ማለቴ ነው፣ በየ15 ቀኑ አናደርገውም፣ አያስፈልግም። የምናደርገው ዋጋ ሲቀየር፣ ፎርሙላ ሲነካ፣ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን፣ እና አዲስ አይነት ነገር ሲመጣ ነው፣ ለምሳሌ በጾም ወቅት የተለየ ዋጋ ሲወጣ። ሁለት ወቅት ደግሞ ምንም ባይቀየርም ሁሌ ይመሳከራል፣ የጥቅምት መጨረሻና ጳጉሜ።

ጳጉሜን ያነሳሁት በአሮጌው ፎርሙላ ምን ይሆን እንደነበር ቁጭ ብለን ስላየነው ነው። DATE(2017,13,1) ብላችሁ ብትጽፉ ኤክሴል አስራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ወደ ሚቀጥለው ዓመት አሻግሮ ጃንዋሪ 1, 2018 ያደርገዋል፣ ያ ደግሞ በኛ አጻጻፍ መስከረም 1, 2018 ነው፣ እንቁጣጣሽ። ሪፖርቱ ከመስከረም 5 በኋላ ቢወጣ የጳጉሜን አምስት ቀን ይከፍላል ተብሎ የመስከረምን አምስት ቀን ይከፍል ነበር። አዲሱ ፎርሙላ ከዚህ ነጻ ነው ብለን እናምናለን፣ ወሩ 13 ሲባል 13 የተጻፈበትን ብቻ ነው የሚያነሳው። ቢሆንም የጳጉሜ ካርዶች ስምንቱም በእጅ ተደምረው፣ ተፈርሞባቸው፣ ከሪፖርቱ ጋር አንድ ላይ ተሰፍተው ፋይል ውስጥ ገብተዋል፣ የ47 ቁጥር ካርድም እዛው አለ፣ ላማቸው ታኅሣሥ መጨረሻ ወልዳላቸው በቀን ዘጠኝ ሊትር ያመጣሉ፣ የአምስት ቀኑ 45 ሊትር በካርዱም በሪፖርቱም እኩል ነው።